መጨረሻውን እያወቅን ለምን እናነባለን?

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የምትኖሩ ወጣቶች ከዕድሜያችሁ ብዙውን ሰዓት የምታሳልፉት መንገድ ላይ ነው። የጅማው መንገድ፣ የአምቦው መንገድና የጎጃሙ መንገድ ሦስቱም ጠዋት ወደ አዲስ አበባ ሲያስገቡ፣ ማታ ደግሞ ሲያስወጡ ይጨናነቃሉ። በዚያ ሰዓት ታክሲ ውስጥ ስልኩ ላይ ያጎነበሰ ሁሉ መዝሙር እየሰማ አይደለም። ብዙዎቻችሁ የፍቅር ታሪክ እያነበባችሁ ነው፤ በቴሌግራም ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት እየተባለ የሚለቀቀውን ወይም በፒዲኤፍ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን። ይህን የማውቀው እኔም በዚያው ታክሲ ስለምጓዝና በወጣቶች የንባብ ስብሰባ ላይ ከእናንተ ጋር ስለምቀመጥ ነው።

በስብሰባችን «የምትወዱትን የፍቅር ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩን» ሲባል ሁለት መልሶች ይደጋገማሉ። አንደኛው «መጀመሪያ ዓይንህን ለአፈር ይባባላሉ፤ በኋላ ይዋደዳሉ» የሚል ነው። ሁለተኛው «ለማስመሰል ብለው እጮኛሞች ነን ይላሉ፤ ከዚያ እውነት ይሆንባቸዋል» የሚል ነው። አስቡት፤ ሁለቱም መልሶች መጨረሻውን ከነገሩን በኋላ እንኳ መጽሐፉን ተዋሱን እንላለን። ስለዚህ ደስታው መጨረሻውን ማወቅ ላይ አይደለም። ታዲያ የት ላይ ነው? እስቲ ዛሬ ይህን አብረን እንመርምር።

ባዕድ ነገር አይደለም

እነዚህ ታሪኮች ከውጭ የመጡ ናቸው የሚል ሰው አታጡም። ዛሬ የምናያቸው ብዙዎቹ የኮሪያና የቱርክ ድራማ መልክ እንዳላቸው እውነት ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም ከተጀመረ ወዲህ የቱርኮቹ ጠብና ዕርቅ በአማርኛ እየተነገረ በየሳሎናችን ገብቷል። ግን የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ስለ ምን እንደሚተርክ አስታውሱ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም በሮም ከተማ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ያሳተሙት፣ በኋላም በዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስም «ጦቢያ» እየተባለ የሚጠራው መጽሐፍ የሁለቱም መንገዶች ዘር አለበት። ጦቢያ የክርስቲያን የጦር አለቃ ልጅ ናት። ጦርነት ቤታቸውን ከበተነው በኋላ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ወንድ መስላ፣ ከአባቷ ጋር የጠፋውን መንትያ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ከጠላት ወገን የሆነው ንጉሥ ማንነቷ ሲገለጥ ይወድዳታል። የሃይማኖት ልዩነት ጋብቻውን ይዘጋዋል፤ ንጉሡ ክርስቲያን ሲሆን ደግሞ ይከፈታል።

ጠላትነት አለ፤ ማስመሰልም አለ፤ በመጨረሻም ሠርግ አለ። ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ አማርኛ አንባቢም በዚሁ መንገድ ተጉዟል ማለት ነው። ስለዚህ «ይህ የባዕድ ነገር ነው» ብለን ከመዝጋታችን በፊት፣ መንገዱ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይሻላል።

በጠላትነት የሚጀምር ፍቅር

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበባችሁ ታውቃላችሁ። በዛብህና ሰብለ ወንጌል ለመዋደድ ምንም ችግር የለባቸውም። ችግሩ ከእነሱ ውጭ ነው፤ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ፣ የዘር ቆጠራው፣ የባላባትነቱ ክብር። ሁለቱ ልባቸውን ምንም ቢያሳምሩ አጥሩ አይፈርስም። መጨረሻውም መቃብር ነው።

በጠላትነት የሚጀምረው የፍቅር ታሪክ ይህን አጥር ከውጭ አንሥቶ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ከልካዩ አባት ሳይሆን የራሳቸው ኩራትና የራሳቸው የተሳሳተ ፍርድ ነው። የዚህ መንገድ ትልቋ አስተማሪ እንግሊዛዊቷ ጄን ኦስተን ናት፤ «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» የተባለው መጽሐፏ በ1813 እ.ኤ.አ. ታተመ። ዳርሲ የሚባል ሀብታም ሰው በአንድ የጭፈራ ግብዣ ላይ ኤልዛቤት ስለተባለች ልጅ መልኳ ያን ያህል አይስበኝም ብሎ ለጓደኛው ሲናገር እሷ ትሰማለች። ከዚያ ወዲያ ስለ እሱ የሚወራውን ክፉ ነገር ሁሉ ለማመን ዝግጁ ትሆናለች። ዊክሃም የተባለ አንደበተ ጣፋጭ ወጣት ዳርሲ በደለኝ ሲላት ሳታጣራ ትቀበላለች። ዳርሲ ደግሞ ቤተሰቧን እየናቀ፣ ንቀቱንም ሳይደብቅ፣ ላግባሽ ብሎ ይጠይቃታል። አይሆንም ትለዋለች፤ የተጸየፈችውንም አንድ በአንድ ትነግረዋለች።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ አንባቢ የሚወደው ይህን ቦታ ነው፤ ምክንያቱም ሁለቱ አንዱ የሌላውን ጉድፍ ያለ ምንም መሸፈኛ አይተዋል። በተለመደው መተዋወቅ ሰው ደኅና ልብሱን ለብሶ፣ ደኅና ቃሉን መርጦ ይቀርባል። ከዚያ በኋላ ልቡ ውስጥ «እውነተኛዬን ቢያውቅ ይተወኛል» የሚል ፍርሃት ይኖራል። በጠላትነት በጀመረ ፍቅር ግን ያ ፍርሃት ቀድሞ አልቋል። የከፋው ቀድሞ ታይቷል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ፍቅር በድንገት ሊደርስበት የሚችል የተደበቀ ነገር የለም። እናንተ ይህን ታሪክ ስትወዱ፣ የምትወዱት ስድቡን አይመስለኝም። ሙሉ በሙሉ ታውቆ መወደድን ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ አምስት ላይ ጠላቶች ሳለን ከእግዚአብሔር ጋር መታረቃችንን ሲናገር፣ ይህ ናፍቆት ከየት እንደሚመጣ ፍንጭ ይሰጠናል።

ግን የኦስተን ታሪክ በስድቡ አያልቅም። ኤልዛቤት አይሆንም ካለችው በኋላ ዳርሲ ምን አደረገ? አልተከታተላትም፤ አላስፈራራትም። በማግስቱ ስለ ተከሰሰበት ነገር የሚያስረዳ አንድ ደብዳቤ በእጇ ሰጥቷት ሄደ። ቆይቶ የኤልዛቤት ታናሽ እህት ከዊክሃም ጋር ስትጠፋና የቤተሰቡ ስም ሊበላሽ ሲል፣ ዳርሲ ሎንዶን ሄዶ ፈለጋቸው፤ የዊክሃምን ዕዳ ከፍሎ እንዲያገባት አደረገ። ይህን ያደረገው ኤልዛቤት እንዳታውቅ ተጠንቅቆ ነው። እሷ የሰማችው እህቷ አምልጧት ስለተናገረችና አክስቷ በደብዳቤ ስላስረዳቻት ብቻ ነው። እንዲያውም በሚጠላው ሰው ፊት ቆሞ መለመንና መክፈል ለኩሩው ዳርሲ ከገንዘቡ ይልቅ የከበደ ዋጋ ነበር። ኤልዛቤትም በበኩሏ ስለ ሁለቱም ሰዎች የፈረደችው ፍርድ ልክ እንዳልነበረ ለራሷ ታምናለች።

ጥላቻ ወደ ፍቅር ተለወጠ ሲባል በደንብ በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። ጥላቻው በራሱ ፍቅር አልሆነም። የተሳሳተው ፍርድ ታረመ፤ የከፋው ጠባይ ደግሞ ዋጋ በሚያስከፍል ሥራ ተለወጠ። የዮሴፍን ታሪክ አስታውሱ። ወንድሞቹ ግብፅ ሲመጡ ወዲያው ራሱን አልገለጠም። አንድ ጊዜ የአባታቸውን ተወዳጅ ልጅ ሸጠዋል፤ አሁን ደግሞ ብንያምን ትተው መሄድ የሚችሉበት ያው አጋጣሚ ተዘጋጀላቸው። ይሁዳ «በእሱ ፋንታ እኔ ባሪያ ልሁን» የሚል ልመና ባቀረበ ጊዜ ነው ዮሴፍ እንባውን መቆጣጠር ያቃተው። በተመሳሳይ ፈተና ሌላ ምርጫ መምረጥ፣ መለወጥ ማለት ይህ ነው።

ሲበላሽ እንዴት ይታወቃል?

አሁን በቴሌግራም ከምታነቧቸው ታሪኮች መካከል ይህ የሌለባቸው አሉ። ወንዱ ይሰድባታል፤ እጇን ጨምድዶ ይይዛታል፤ ስልኳን ይቀማታል፤ ከማን ጋር እንደምትውል ይቆጣጠራል። ከዚያ አንድ ምዕራፍ ላይ «ይህን ሁሉ ያደረገው ስለሚወዳት ነበር» ይባላል። ምንም አልተለወጠም፤ ስሙ ብቻ ተለወጠ። በአንድ የንባብ ቀን ከቡራዩ የምትመጣ አንዲት እህት ስለዚህ ዓይነት መጽሐፍ ስንነጋገር «ግን እኮ በልቡ እንደሚወዳት እኛ እናውቃለን» አለች። እውነቷን ነው፤ እናውቃለን። የምናውቀው ግን ደራሲው ልቡን ከፍቶ ስላሳየን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በስብሰባችን አንድ ነገር እናደርጋለን። እናንተም ሞክሩት። አንድ ምዕራፍ ውሰዱና ወንዱ በልቡ ያሰበውን ሁሉ በእርሳስ ሰርዙ። «ልቡ ተሰበረ»፣ «ሳያያት ማደር አልቻለም» የሚሉትን ሁሉ አውጧቸው። የቀረው እሷ በእውነተኛ ሕይወት ብትሆን የምታየውና የምትሰማው ነው። የዳርሲን ታሪክ በዚህ መንገድ ብትሰርዙት ደብዳቤው ይቀራል፤ የተከፈለው ዕዳ ይቀራል፤ እምቢታዋን አክብሮ መሄዱም ይቀራል። ከሌላው መጽሐፍ ግን የሚቀረው ስድብና የተጨመደደ እጅ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ያነበባችሁት የፍቅር ታሪክ ሳይሆን የማስፈራራት ታሪክ ነው፤ ጣፋጭ ያደረገው የደራሲው ሹክሹክታ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። በልብ ወለድ «ጠላት» የሚባለው ብዙ ጊዜ ተፎካካሪ ነው፤ በክፍል አንደኛ ለመውጣት የሚሽቀዳደም፣ ወይም በሥራ ቦታ የሚነጅስ። በከተሞቻችን ግን ይህ ቃል ቀላል አይደለም። በመስከረም 2011 ዓ.ም ቡራዩና አካባቢው ላይ በደረሰው ግድያና መፈናቀል ሰው ያጣ አንባቢ በመካከላችን አለ። ለእሱ ጠላትነት በቀልድ የሚፈታ ነገር አይደለም። ስለዚህ አንድ ሰው እነዚህን መጽሐፎች አላነብም ቢላችሁ አትከራከሩት። የበደለ ሰውና የተበደለ ሰው፣ ወይም አንዱ በሌላው ላይ ሥልጣን ያለው ሰው፣ በዚህ የታሪክ መንገድ አይመጥኑም። መንገዱ የሚሠራው ሁለቱ እኩል መመላለስ ሲችሉ፣ ሁለቱም አይሆንም ብለው በሰላም ቤታቸው መግባት ሲችሉ ነው።

የማስመሰል እጮኝነት

ወደ ሁለተኛው መንገድ እንለፍ። ይህኛውን ከማብራራት ይልቅ አንድ ታሪክ አብረን ብንሠራ ይቀላል። ገጸ ባሕርይዋ የሱሉልታ ልጅ ትሁን፤ ዕድሜዋ 28። የአክስቷ ልጅ ሰበታ ላይ ልታገባ ነው። አክስትየው ባገኘቻት ቁጥር «የአንቺንስ መቼ ነው የምንበላው?» ትላለች። ልጅቱ ሰልችቷት አንድ ቀን «እጮኛ አለኝ» ትላለች። አሁን ሰው ያስፈልጋታል። በመዘምራን ውስጥ ኪቦርድ የሚጫወት የቡራዩ ልጅ አለ፤ ደግ ነው፤ ትለምነዋለች፤ ይስማማል።

በዚህ ዓይነት ታሪክ ሁልጊዜ ውል አለ። የእነሱም ሦስት ደንብ አለው። ጉዳዩ በመልሱ ማግስት ያበቃል፤ እጅ ለእጅ መያያዝ የለም፤ ከቤተ ክርስቲያን ማንም አይሰማም። እናንተ ልምድ ያላችሁ አንባቢዎች ሦስቱንም ደንብ ስትሰሙ ፈገግ ትላላችሁ፤ እያንዳንዱ ደንብ ሊፈርስ እንደተጻፈ ታውቃላችሁና። መጀመሪያ የሚፈርሰው ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም የሙሽራዋ አንደኛ ሚዜ የእነሱው ቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆና ትገኛለች። በሳምንቱ የመጋቢው ባለቤት ደውለው እንኳን ደስ ያላችሁ ካሉ በኋላ «ከጋብቻ በፊት የሚሰጠውን ምክር መቼ ትጀምራላችሁ?» ይላሉ።

ይህ ታሪክ በእኛ አገር ከሌላው አገር ይልቅ የሚከብደው ለዚህ ነው። አንድ አዲስ ከተሜ በሌላ አገር ለሥራ ግብዣ የውሸት ጓደኛ ይዞ ቢሄድ ነገሩ በሁለት ሰው መካከል ሊያልቅ ይችላል። እኛ ዘንድ ግን እጮኝነት የሁለት ሰው ብቻ አይደለም። ሽማግሌ የሚልክ አባት አለ፤ የሚመክሩ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች አሉ፤ ለጋቢና ለሰርግ ማዋጣት የጀመሩ ዘመዶች አሉ። ውሸቱ በየቀኑ አዲስ ተመልካች ያገኛል። ተመልካች በበዛ ቁጥር ሁለቱ የበለጠ ማስመሰል ይገባቸዋል፤ አብረው የበለጠ ሰዓት ይቆያሉ፤ ሻይዋን ያለ ስኳር እንደምትጠጣና አባቱን በልጅነቱ እንዳጣ ይተዋወቃሉ።

የዚህ መንገድ ደስታም እዚህ ላይ ነው። ዓይን አፋር ሰው ፊት ለፊት ሊናገር የማይደፍረውን ነገር «ለማስመሰል ነው» በሚል ሽፋን ይናገረዋል። በአክስቷ ፊት «ምኗን እንደወደድከው ንገረን» ሲባል የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ እሷ ግን የተግባባንበት ነው ብላ ታልፈዋለች። እናንተ ብቻ ታውቃላችሁ። ከሁለቱም ቀድማችሁ ማወቃችሁ ገጽ ያስገለብጣችኋል። አፍ ያለማፈር እውነት ሲናገር፣ ልብ ግን ገና አልሰማም።

ወሳኙ ክፍል ግን ተመልካች የሌለበት ነው። ሠርጉ ያልቃል፤ መሽቷል። ከሰበታ ወደ ሱሉልታ ለመሄድ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ነው፤ በአየር ጤና አድርጎ፣ መሀል ከተማ ገብቶ፣ በአዲሱ ገበያ ወጥቶ፣ ታክሲ እየቀያየሩ። የእሱ ቤት ቡራዩ ነው፤ በአስኮ በኩል ሌላ አቅጣጫ። አክስቷ የለችም፤ ሚዜዋ የለችም፤ የሚመለከታቸው ዘመድ የለም። ውሉ በዚህ ሰዓት ምንም አይጠይቀውም። እሱ ግን እስከ ሱሉልታ ድረስ ይሸኛታል፤ በሯ ሲዘጋ አይቶ ብቻ የመመለሻ ታክሲ ፍለጋ ይሄዳል። ደራሲው ስለ ፍቅር አንድ ቃል ሳይጽፍ አንባቢው ሁሉንም ተረድቷል።

በዘፍጥረት ምዕራፍ 26 ይህን የሚመስል ነገር አለ፤ አቅጣጫው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ይስሐቅ በጌራራ ሰዎችን ፈርቶ ርብቃን እህቴ ናት አለ። ባልና ሚስት ሆነው ባልና ሚስት እንዳልሆኑ አስመሰሉ። ብዙ ጊዜ ከቆዩ በኋላ ንጉሡ አቤሜሌክ በመስኮት ሲመለከት ይስሐቅ ከርብቃ ጋር ሲጫወት አየና እውነቱን ወዲያው አወቀ። ማንም አያየንም ሲሉ የሆኑት ነገር እውነተኛ ዝምድናቸውን ገለጠው።

አቤሜሌክ ቀጥሎ የተናገረውን ደግሞ ልብ በሉ። ይስሐቅን ጠርቶ የጠየቀው ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ሕዝቡ ነው፤ ከሰዎቹ አንዱ ርብቃን ወስዶ ቢሆን ኖሮ በደሉ በሁሉም ላይ ይመጣ ነበር። የውሸት ዋጋ የሚከፈለው በሦስተኛ ወገን ነው። ደካማ የማስመሰል ታሪክ የሚዘለው ይህን ነው። ሁለቱ እንደሚዋደዱ ሲያውቁ ይተቃቀፋሉ፤ ታሪኩ ያበቃል። አክስቲቱስ? በደስታ ያለቀሰችው፣ ለጎረቤት የተናገረችው? የመጋቢው ባለቤትስ? ስሜቱ እውነት ስለሆነ የተነገረው ውሸት ወደ ኋላ ተመልሶ እውነት አይሆንም። ጥሩው ታሪክ ከመጨረሻው ደስታ በፊት የሚያስፈራ አንድ ምዕራፍ አለው። ልጅቱ ሰበታ ትወርዳለች፤ አክስቷ ፊት ተቀምጣ ሁሉንም ትናገራለች። በዚያ ሰዓት እሱም እንደሚወዳት አታውቅም። ሁሉንም ልታጣ እንደምትችል እያወቀች እውነት ትናገራለች። አንባቢ ያን ምዕራፍ ካላገኘ፣ ምን እንደጎደለ ባያውቅም፣ መጽሐፉን ሲዘጋ አንድ ነገር ይቀርበታል።

ከመጽሐፍ ውጭ

የማስመሰል ጋብቻ ለእኛ ልብ ወለድ ብቻ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ዲቪ የደረሰው ሰው ወጪውን የሚሸፍንለት «በወረቀት» ያገባል ሲባል ያልሰማ ሰፈር የለም። በመጽሐፉ ውስጥ ደስ የሚለው ነገር ሁሉ እዚህ መልኩ ይለወጣል። ሻይ በስኳር ነው ወይስ ያለ ስኳር የሚለው ጥያቄ መተዋወቂያ መሆኑ ይቀርና በኤምባሲ ለሚደረግ ቃለ መጠይቅ የሚጠና ትምህርት ይሆናል። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ የኢሚግሬሽን ሕግን ለማምለጥ ሲባል በሚፈጸም ጋብቻ ላይ እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 250,000 ዶላር መቀጮ ደንግጓል። ከቅጣቱም በላይ የሚያስፈራው በሁለቱ መካከል ያለው ሚዛን ነው። አንዱ ከፍሏል፤ ሌላው ጉዳዩ እንዳይበላሽ ይፈራል። የሚፈራ ሰው አይሆንም ማለት አይችልም። በእኛ ታሪክ ውስጥ የሱሉልታዋ ልጅ ውሉን በፈለገችው ቀን ማፍረስ ትችል ነበር፤ የከፋ ቢመጣ ሐፍረት ነው። ይህ ነጻነት ከሌለ ማስመሰሉ ጨዋታ መሆኑ ይቀራል።

አሁን ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩዋቸው። በአንደኛው ፍቅር በስድብ ተሸፍኗል፤ በሁለተኛው በማስመሰል። በሁለቱም ሽፋኑ የሚገለጠው በአንድ ዓይነት ቦታ ነው፤ ሰው አያየኝም ብሎ ዋጋ የሚከፍልበት ቦታ። የዳርሲ ምስጢራዊ ክፍያ፣ የኪቦርድ ተጫዋቹ የመጨረሻ ታክሲ። መጨረሻውን እያወቅን የምናነበው፣ ያን የተሰወረ ሰዓት እንድናይ ስለተፈቀደልን ይመስለኛል። በሕይወት ግን ያ ሰዓት አይታየንም። ደራሲ በጆሯችን አያንሾካሹክም፤ በመስኮት የሚመለከት አቤሜሌክም አይደለንም።

ኦስተን ግን ለዚህም አንድ ነገር ትታልናለች። ኤልዛቤት ስለ ዳርሲ ያላት ሐሳብ መናወጥ የጀመረው በደብዳቤው ነው፤ ወደ አክብሮት የተለወጠው ግን ቤቱን ልትጎበኝ ሄዳ የቤቱ ጠባቂ የሆኑት አሮጊት ሴት ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ሲያውቁት አንድ ክፉ ቃል ተናግሯቸው እንደማያውቅ ሲመሰክሩ ነው። እኚህ ሴት በዳርሲ ሥር የሚሠሩ ናቸው፤ በእነሱ ፊት ሊያስመስል የሚገደድበት ምክንያት አልነበረውም። እናንተም ስለ አንድ ሰው ማወቅ ስትፈልጉ ለእናንተ የሚልከውን መልእክት ደጋግማችሁ አታንብቡ። ቤቷ ውስጥ የምትሠራውን ልጅ እንዴት እንደምታናግራት፣ የታክሲ ረዳት መልስ ሲያጎድልበት ምን እንደሚል፣ ታናሽ ወንድሙ ስለ እሱ ምን እንደሚያወራ ጠይቁ። እነሱ ያልተሰረዘውን ምዕራፍ አንብበዋል።